«ይታያል» ያለኝ ሰው ማን ነው?

«ደንበኛ የሚፈልገው ገንዘቡን ነው፤ ጣፋጭ ቃል አይደለም። ሠራተኛ ቁጭ ብሎ መልስ ሲያሳምር የሚውልበት ጊዜ የለንም። ከሁለት መስመር በላይ አይጻፍ።»

ይህን የተናገሩት ባለፈው ወር እዚህ ጎንደር በተጠራ የደንበኞች ስብሰባ ላይ የአንድ ተቋም ኃላፊ ናቸው። ያጨበጨበም ነበር። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ የደንበኛ ቅሬታ ስቀበልና ስመልስ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እጄን አጣጥፌ ነው የሰማሁት። ቤቴ ከገባሁ በኋላም ንዴቱ አልለቀቀኝም፤ በዚያው ሳምንት ጎረቤቴ የደረሳትን ባለ ሁለት መስመር መልስ በዓይኔ አይቼው ነበርና።

ጎረቤቴ ማራኪ ሰፈር እንጀራ ጋግራ ታስረክባለች። ረቡዕ ማታ ለቅዳሜ ገበያ የጤፍ መግዣ 4,000 ብር ልታወጣ ፒያሳ ወዳለ ኤቲኤም ሄደች። ማሽኑ የሌላ ባንክ ነው። ሲያጉረመርም ቆይቶ ብር ሳይሰጣት ደረሰኝ ተፋ፤ ስልኳ ላይ ግን 4,000 ብር እንደተቀነሰ መልእክት ገባ። ሐሙስ ጠዋት ጉዳዩን፣ ጤፉን ሳይቀር፣ ዘርዝራ ለባንኳ ጻፈች። የመጣላት መልስ ይኸው፦

«ውድ ደንበኛችን፣ ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ። ማሽኑ የእኛ ስላልሆነ ወደሚመለከተው ባንክ ሂድ። ጉዳዩ ይታያል።»

ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች ጎረቤቴን ሦስት ቦታ አቁስለዋታል። «ውድ ደንበኛችን» ብሎ የጀመረ ሰው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ «ሂድ» ይላታል፤ ለዚያውም በወንድ አንቀጽ። ልጆች ያሳደገች ሴት ናት። በእኛ አገር በዕድሜ የሚበልጡንን አንቱ እንላለን፣ የማናውቀውን ሰው እርስዎ ብለን እንጽፍለታለን፤ ይህን ለማስተካከል ተጨማሪ መስመር አያስፈልግም። የመሃሉ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ስሕተት ነው። በዚህ ሥራ ያለፈ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በሌላ ባንክ ማሽን ላይ ገንዘብ ሲቀር ቅሬታውን ተቀብሎ የሚከታተለው ካርዱን የሰጠው ባንክ ነው። ሒሳቧ ያለው እዚያ ነው፣ የቀነሰውም እሱ ነው።

ከሁሉ የሚብሰኝ ግን ሦስተኛው ነው። «ይታያል።» ማን ነው የሚያየው?

አማርኛ አድራጊውን በግሱ ውስጥ ይዞ የሚሄድ ቋንቋ ነው። «አያለሁ» ስል እኔ እዚያው ቃሉ ውስጥ አለሁ፤ «እናያለን» ብንል ሁላችንም አለንበት፤ «ያያል» ከተባለም አንድ ሰው አለ፣ ስሙን ጠይቆ መያዝ ይቻላል። ከዚያ አንዲት «ታ» ትገባና «ይታያል» ይሆናል፤ ሰውየው ጠፋ። «አጣራለሁ» የሚለው «ይጣራል»፣ «አስተካክላለሁ» የሚለው «ይስተካከላል» ሲሆን የቀረው ሥራ ብቻ ነው፤ ሠሪ የለውም። «ለተፈጠረው መጉላላት» የሚለውም የዚሁ ዘመድ ነው፤ መጉላላቱ እንደ ደመና ከሰማይ የወረደ ይመስላል። ሠራተኛው ይህን የሚጽፈው ከክፋት አይደለም። ስሙን ካስገባ ነገ «አየዋለሁ ብለህ ነበር» የሚለው ሰው እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ነው። በአንዲት ፊደል ከኃላፊነት ይወጣል፤ ደንበኛዋ ግን ይገባታል። ጎረቤቴ ስልኩን ዘርግታ ያሳየችኝ ጊዜ የጠየቀችኝ ስለ ብሩ አልነበረም። «ይታያል ያለኝ ማን ነው? ማንን ልጠይቅ?» ነው ያለችኝ።

ስለዚህ መልስ ማረም ሳስተምር መጀመሪያ የማሠራው እነዚህን ግሶች ፈልጎ ማስመርና እያንዳንዱን ወደ አድራጊው መመለስ ነው። «ይታያል» የሚለውን «አያለሁ» ለማድረግ የሞከረ ሠራተኛ ወዲያው ይጣበቃል፤ መቼ እንደሚያይ፣ ምን እንደሚያይ፣ ካየ በኋላ ምን እንደሚያደርግ አያውቅማ። ተነስቶ ጓደኛውን መጠየቅ አለበት። መልሱ የሚታረመው ያን ጊዜ ነው፤ ቃላት ከመለዋወጡ በፊት ሥራው ራሱ ይጠራል።

የጎረቤቴን መልስ እንደገና ስጽፈው እንዲህ ሆነ፦

«ጤና ይስጥልን። ረቡዕ የካቲት 5 ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ42 ላይ ፒያሳ ካለው ማሽን 4,000 ብር ሊያወጡ ሞክረው ብሩ ሳይወጣ ከሒሳብዎ መቀነሱን ጽፈውልናል። ለቅዳሜ ጤፍ የያዙት ገንዘብ ስለሆነ ከወዲሁ ልንገርዎ፤ እስከ ቅዳሜ ላይደርስልዎ ይችላል።

ማሽኑ የሌላ ባንክ ቢሆንም ካርዱን የሰጠንዎ እኛ ነን፣ የምንከታተለውም እኛ ነን፤ ወደዚያ ባንክ መሄድ አያስፈልግዎትም። ጥያቄውን ዛሬ ጠዋት ልኬላቸዋለሁ። የማሽኑን መዝገብና በውስጡ የተገኘውን ብር አመሳክረው ይመልሱልኛል።

ከእርስዎ የምፈልገው የደረሰኙን ፎቶ ብቻ ነው። የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም፣ ለእኛም ቢሆን አይንገሩ።

ሰኞ የካቲት 10 ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት እኔው እደውልልዎታለሁ። ከዚያ ባንክ መልስ ባይመጣም እደውላለሁ።» ከሥሩ የሠራተኛው ስምና የጉዳዩ ቁጥር ይገባል።

እዚህ ውስጥ «ይቅርታ» የሚል ቃል የለም፤ ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ሐሙስ ጠዋት ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገና አይታወቅም፤ በየመልሱ አናት ላይ የሚለጠፍ ይቅርታ ደግሞ ማንንም አያጽናናም። ያጽናናታል ብዬ የማምነው ጤፉ ነው። የጻፈችው ተነቧል ማለት ነው፤ ቅዳሜ ባዶ እጇን ገበያ እንዳትወጣም ሁለት ቀን ቀድማ አወቀች፤ ከዘመድ ትበደር ወይም ከነጋዴው ቀን ትለምን እንደሆነ ትወስናለች። ማዘን በሥራ ሲታይ ይህ ነው።

«ገንዘብዎ ይመለሳል» የሚልም የለም። በጎ ልብ ያላቸው ሠራተኞች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ ገንዘብ ሲጠየቅ ባንኳ ፈቅዶ ይቀንሳል፤ ብሩ ሲቆጠር ከተቀረቀረ ማሽኑ «አልሰጠሁም፣ መልሱላት» የሚል መልእክት መላክ አለበት። ኔትወርክ በመሃል ከተቋረጠ ያ መልእክት አይደርስም፣ ቅናሹም ባለበት ይቀራል። ያን ጊዜ የማሽኑ መዝገብ ይነበባል፣ በሣጥኑ ውስጥ ያለው ብርም ይቆጠራል፤ ከመዝገቡ በላይ 4,000 ብር ትርፍ ከተገኘ ነገሩ አለቀ። ትርፍ ባይገኝስ? ብሩ ወጥቶ ከኋላዋ የነበረ ሰው ወስዶት ይሆናል። ይህ ሳይጣራ የተሰጠ ተስፋ ሰኞ ሲታጠፍ ከመጀመሪያው መልስ የከፋ በደል ነው። ቃል የሚገባው በእጅ ባለ ነገር ላይ ነው፤ ስልክ መደወል በእጃችን ነው።

ቀኑንም እዩት። ደረሰኙ ላይ የታተመው 12/02፣ 19:42 ነው። ይህን እንዳለ ገልብጠው የሚልኩ አሉ። በእኛ አቆጣጠር 12/02 ጥቅምት 12 ተብሎ ይነበባል፤ እሷ ደግሞ በአሥራ ዘጠኝ ሰዓት የትም አልሄደችም፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ42 ነው የሄደችው። ለሌላው ባንክ በሚላከው ላይ የማሽኑ ቀንና ሰዓት እንዳለ ይሰፍራል፣ ለእሷ በሚላከው ላይ የእሷ። በስድስት ዓመቴ «የዚያን ቀን አላወጣሁም» የሚል ሙግት ስንት ጊዜ እንደገጠመኝ!

ወደ ኃላፊው ልመለስ። ጊዜ የለንም አሉ። ያቺ ባለ ሁለት መስመር መልስ ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀች ልቁጠርላቸው። ጎረቤቴ መልሱ እንደደረሳት የትኛው ባንክ እንደሆነ ለመጠየቅ መልሳ ጻፈች። ከሰዓት ሥራዋን ጥላ ፒያሳ ወረደች፤ እዚያ «ካርድሽን የሰጠሽ ጋ ሂጂ» ተባለች። ተመልሳ ደወለች፤ ስልኩን ያነሳው ሌላ ሠራተኛ ስለሆነ ታሪኩን ከሥሩ ጀመረችለት፣ እሱም «ይጣራል» አላት። ዓርብ ጠዋት ቅርንጫፍ ሄዳ ተሰለፈች። አንድ ጉዳይ አራት ጊዜ አራት ሰው ጋ ደርሷል፣ አራቱም ከዜሮ ጀምረዋል። እኔ ከላይ ያለውን መልስ የጻፍኩት በሰባት ደቂቃ ነው። የጊዜ እጥረት ያለበት ተቋም ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚከለክለው ባለ ሁለት መስመሩን መልስ ነበር።

በቀን መቶ መልእክት የሚመልስ ሠራተኛ ሁሉንም ከባዶ ሊጽፍ አይችልም፤ እሺ፣ ይህን እቀበላለሁ። የተዘጋጀ ቅጽ ይኑረው። ቅጹ ግን ቀኑ፣ ብሩ፣ የሰውየው ጭንቀትና ቀጣዩ ስልክ የሚገቡባቸው ክፍት ቦታዎች ይኑሩት፤ ሳይሞሉም አይላክ። መልሱ ተጽፎ ሲያልቅ የደንበኛውን ስም በጣት ሸፍኖ ማንበብ ነው። ለሌላ ለማንም ሊላክ የሚችል ከሆነ ገና አልተጻፈም። ከዚያ አጠገብ ላለ ባልደረባ ማሳየትና «አንተ ብትሆን አሁን ምን ታደርጋለህ?» ማለት። «እንጃ» ካለ ቀጣዩ እርምጃ አልተነገረም ማለት ነው።

ደንበኛ የሚፈልገው ገንዘቡን ነው ለተባለው፣ የጎረቤቴ ገንዘብ ተመልሷል። ዘጠኝ ቀን ቆይቶ 4,000 ብሩ ሒሳቧ ውስጥ ገባ፤ የደወለላት የለም፣ ያወቀችው ሒሳቧን ስታይ ነው። በማግስቱ ቅርንጫፉ ሄዳ ሙሉውን አወጣች፣ መንገዱን ተሻግራም ሌላ ባንክ ሒሳብ ከፈተች። ሒሳቧን ለምን ባዶ እንደምታደርግ የጠየቃት ሠራተኛ አልነበረም።