ጎማው የገባው በየትኛው ዶላር ነው?

«ገቢዬ በብር ነው። ከጊዮርጊስ ዓባይ ማዶ ስመላለስ የምቀበለው ብር ነው። ዶላር በእጄ ነክቼ አላውቅም። ታዲያ ዶላር ጨመረ ሲባል የእኔ የባጃጅ ጎማ ምን አግብቶት ይወደዳል?»

እዚህ ባሕር ዳር አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው የጠየቀኝ። አጭሩ መልስ ቀላል ነው። አንተ ዶላር ባትነካም ጎማው ነክቶታል። ከውጭ የተገዛው በዶላር ነው፤ ጅቡቲ ድረስ በመርከብ የመጣበትም ኪራይ የተከፈለው በዶላር ነው። ግን ነገሩ እዚህ ላይ አያበቃም። ጎማው ስንት ብር መጨመር ነበረበት የሚለውን ለማወቅ በየትኛው ዶላር እንደገባ መጠየቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የማያነሳው ይህንን ጥያቄ ነው።

ለረጅም ጊዜ የዶላር ዋጋ በብሔራዊ ባንክ ቁጥጥር ሥር ነበር። ብር በየቀኑ በሳንቲም በሳንቲም ይወርዳል፤ አንዳንዴ ደግሞ በአንድ ጊዜ ይጣላል። በ1985 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ2 ብር ከ07 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሄደ። በ2010 መጀመሪያ ደግሞ ብር 15 በመቶ እንዲወርድ ተደረገ። ችግሩ በባንክ ዋጋ ዶላር ርካሽ ስለነበር ሁሉም ይፈልገዋል፤ ባንኩ ግን የለውም። ስለዚህ ወረፋ ሆነ። ነዳጅ፣ ማዳበሪያና መድኃኒት ቅድሚያ ያገኛሉ። የጎማ አስመጪው ወራት ይጠብቃል፤ ሲሰለቸው ወደ ጥቁር ገበያ ይሄዳል። በዚህ የተነሳ አንድ አገር ውስጥ ሁለት ዶላር ነበረን፤ አንዱ 57 ብር፣ ሌላው 115 ብር አካባቢ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ይህ አሠራር ተቀየረ። ከዚያ ወዲህ ባንኮች የየራሳቸውን ዋጋ ያወጣሉ፤ ከደንበኞቻቸውም ጋር ይደራደራሉ። ብሔራዊ ባንክ አማካዩን በየቀኑ ያሳውቃል፤ አንዳንዴም ዶላር በጨረታ ለባንኮች ይሸጣል። ዶላር የሚያመጡልን ቡና፣ ወርቅ፣ አየር መንገዱ፣ ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን፣ ብድርና ርዳታ ናቸው። የሚፈልገው ደግሞ ነዳጁም፣ ማዳበሪያውም፣ ማሽኑም፣ የአንተ ጎማም ነው። ፈላጊው ከአምጪው ሲበዛ ዋጋው ይወጣል። በመጀመሪያው ቀን የንግድ ባንክ ዋጋ ከ57 ወደ 75 ብር ገደማ ዘለለ፤ ታኅሣሥ 2017 ላይ 125 አካባቢ ደርሶ ነበር።

አሁን ወደ ጎማው እንምጣ። ለሒሳቡ እንዲቀለን ጅቡቲ እስኪደርስ 10 ዶላር ወጪ ያለበት ጎማ እንውሰድ። ቀረጡ 20 በመቶ ነው እንበል። ቫት 15 በመቶ ነው፤ የሚሰላውም ዋጋውና ቀረጡ ከተደመሩ በኋላ ነው። ሱር ታክሱንና ሌላውን ለጊዜው እንተወው።

ዶላሩ 57 ብር ሳለ ከባንክ ማግኘት የቻለ አስመጪ ለጎማው 570 ብር ያወጣል። ቀረጡ 114 ብር ነው፤ በ684 ብሩ ላይ ቫቱ ወደ 103 ብር ይሆናል። ጎማው 787 ብር ገደማ ያስወጣዋል። ዶላሩ 125 ሲሆን ያው ጎማ 1,250 ብር፣ ከነቀረጡ 1,500፣ ከነቫቱ 1,725 ብር ነው። ከእጥፍ በላይ ጨመረ ማለት ነው። ለዚህ አስመጪ «ዶላር ነው» የሚለው ቃል እውነት ነው።

ባሕር ዳር ሱቅ ላይ ከተደረደሩት ዕቃዎች ብዙዎቹ ግን እንዲህ አልገቡም። ባንክ የነፈገው አስመጪ ያኔም ዶላሩን የገዛው በ115 ነው። ለጎማው የከፈለው 1,150 ብር ነው። ጉምሩክ ግን ቀረጡን የሚያሰላው በባንክ ዋጋ ነበር፤ ጥቁር ገበያውን አያውቅለትም። ስለዚህ የከፈለው ግብር ያው 217 ብር ገደማ ነው። ድምሩ 1,367 ብር። ዶላሩ 125 ሲሆን እሱም 1,725 ያወጣል። ልዩነቱ 26 በመቶ ገደማ ነው። እጥፍ ከጨመረብህ የቀረውን በዶላር ማሳበብ አይችልም።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። የሁለተኛው አስመጪ የዕቃ መግዣ የጨመረው 100 ብር ብቻ ነው። ግብሩ ግን ከ217 ወደ 475 ብር ሄደ። አንድም የቀረጥ ሕግ ሳይነካ፣ በመቶኛው ሳይቀየር፣ መንግሥት ከአንድ ጎማ የሚሰበስበው ብር ከእጥፍ በላይ ሆነ። ከዋጋ ጭማሪው ትልቁን ድርሻ የያዘው ጉምሩክ ነው፤ ነጋዴው አይደለም። ስለ ስግብግብ ነጋዴ በየቀኑ እንሰማለን። ስለዚህኛው ግን ብዙም ሲወራ አልሰማሁም።

መንግሥት ነዳጅን፣ ማዳበሪያንና መድኃኒትን እደጉማለሁ ማለቱ ትክክል ነበር። እነዚህ በባንክ ዶላር የሚገቡ ስለሆኑ ሙሉው ጭማሪ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። ለቀሩት ዕቃዎች ደግሞ በእኔ አስተያየት የቀረጡ መቶኛ መውረድ ነበረበት። ቀረጡ ከ20 ወደ 10 በመቶ ቢወርድ ያ 1,725 ብር ጎማ 1,581 ብር ይሆን ነበር። መንግሥትም ከድሮው የበለጠ እንጂ ያነሰ ብር አይሰበስብም፤ ከ217 ይልቅ 331 ብር ያገኛል። የመንግሥትም ዕዳ በዶላር ነው፣ ገንዘቡን ይፈልገዋል የሚል ሰው አለ። እውነት ነው። ግን ዕዳውን በጎማ በኩል ማስከፈል ከታሰበ በግልጽ ይነገረን።

ሹፌሩ አንድ ነገር ደግሞ ያናድደዋል። «ያ ጎማ እኮ ከሁለት ወር በፊት የገባ ነው፤ ለምን በአዲሱ ዋጋ ይሸጥልኛል?» ንዴቱ ይገባኛል። ነገር ግን ባለሱቁ ጎማውን በ1,400 ሸጦ በ1,725 ብር ሌላ መተካት ካለበት ከአምስት ጎማ አራቱን ብቻ ነው መልሶ የሚገዛው። ስለዚህ የሚያየው የገዛበትን ሳይሆን የሚተካበትን ዋጋ ነው። ይህ ምክንያት የሚሠራው ግን በእርግጥ ለሚተካ ሰው ነው። ዶላር ጨመረ የተባለ ዕለት ሱቁን ዘግቶ ዕቃ የደበቀውን እኔም አልከላከልለትም።

ሐይቁ ዳር ደግሞ ዓሣው አለ። ቆሮሶ ከጣና እንጂ ከዱባይ አይመጣም፤ ሆኖም ተወዷል። መረቡ፣ የጀልባው ሞተር፣ ቤንዚኑ ከውጭ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ላይ መመልከት ያለብን ከውጭ የመጣው ወጪ ከጠቅላላው ስንት እጅ እንደሆነ ነው። አንድ አሥጋሪ ከሚያወጣው 100 ብር 40ው ለመረብና ለነዳጅ ቢሆንና ያ 40 ብር እጥፍ ቢሆን፣ ወጪው 140 ነው የሚሆነው። ዓሣው ራሱ እጥፍ ከሆነ ግን የቀረውን ያመጣው ሌላ ነገር ነው። በፓፒረስ ታንኳ እየቀዘፈ የሚያሠግረው ሰው ደግሞ ቤንዚን የለበትም፤ ከጭማሪው የሚነካው የመረቡ ብቻ ነው። ገበያ ላይ ግን የሁለቱም ዓሣ በአንድ ዋጋ ይሸጣል፤ ልዩነቱ ለባለታንኳው ይተርፋል። አይከፋኝም።