አዲስ ስልክ ገባ፣ የሦስት ዓመት ኢሜይል ወጣ

ኧረ ጎበዝ፣ ልተንፍስ። ካልተነፈስኩ ልፈነዳ ነው።

ሰባት ሰው ያለን ትንሽ የትራንዚት ቢሮ ነን። የአይቲ ክፍል የለንም። ማለቴ፣ የአይቲ ክፍሉ እኔ ነኝ። ጥፋቴ አንድ ቀን ፕሪንተር ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት ማውጣቴ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተር ባስነጠሰ ቁጥር የምጠራው እኔ ሆንኩ።

ባለፈው ወር አለቃችን ለአራት ሰው አዲስ ስልክ ገዛ። እሰይ ተባለ፣ ቡና ተፈላ። ሲም ካርዱ ከአሮጌው ወጥቶ አዲሱ ውስጥ ገባ፣ ቴሌግራም ተጫነ፣ የድሮው ወሬ ከነፎቶው ተመልሶ ተዘረገፈ፣ "በቃ ሁሉም መጥቷል" ተባለ። እኔ ያን ቀን ጉምሩክ ነበርኩ። ስመለስ ከአራቱ አሮጌ ስልኮች ሦስቱ ተጠርገው አንዱ ለልጅ፣ አንዱ ለእህት፣ አንዱ ለገበያ ሄደዋል።

ያታለላቸው ቴሌግራም ነው። ቴሌግራም ወሬህን የሚያስቀምጠው እሱ ዘንድ እንጂ ስልክህ ላይ አይደለም፤ ቁጥርህን ስትነግረው መልሶ ያወርድልሃል። ሰው ታዲያ ኢሜይሉም፣ የደንበኛ ስልኩም እንደዚያው ተከትሎት የሚመጣ ይመስለዋል።

በማግስቱ ጠዋት ጸሐፊያችን መጣች። "ወንድሜ፣ ለጅቡቲው ወኪል የላክሁለት ደብዳቤ የት ገባ?" አየሁት። የገቡ መልእክቶች አሉ፣ ግን የሁለት ሳምንት ብቻ። የተላኩት ባዶ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከስልኳ የላከችው ዋጋ፣ ማረጋገጫ፣ ክርክር፣ ምንም የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮው ስልኳ ላይ ኢሜይሉን የሞላላት ሰው (ማን እንደሆነ እስካሁን ያመነ የለም) POP በሚባለው መንገድ ነው የሞላው። POP ማለት ከሰርቨር ወደ ስልክ መቅዳት ብቻ ነው። ከስልኩ የምትልከው ነገር ቅጂው እዚያው ስልክ ላይ ይቀራል፣ ሰርቨሩ ላይ አይቀመጥም። ስልኩ ሲጠረግ አብሮ ይጠረጋል። ሁለት ሳምንት ብቻ የቀረውስ? የቢሮው ኮምፒውተር ላይ ያለው Outlook እሱም በPOP ነበር፤ ካወረደ ከ14 ቀን በኋላ ከሰርቨሩ ያጠፋል፣ ካልነካኸው ሥሪቱ እንደዚያ ነው። የገቡትን ከኮምፒውተሩ አገኘናቸው፣ እግዜር ይስጠው። የተላኩት ግን ሄዱ።

ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም እኮ! አሮጌው ስልክ ላይ የኢሜይሉን ሴቲንግ ከፍተህ የሚገባውን ሰርቨር ፖርት ታያለህ። 995 ከሆነ POP ነው፣ 993 ከሆነ IMAP፤ ይሄኛው መልእክቱን ሰርቨሩ ላይ የሚያስቀምጠው መንገድ ነው። እሱ ከከበደህ ደግሞ ከስልኩ ለራስህ አንድ መልእክት ላክና በኮምፒውተር በብራውዘር ገብተህ Sent ውስጥ ፈልገው። ከሌለ ስልኩ ላይ ብቻ ነው ያለው ማለት ነው። ያኔ የሚያስፈልጉህን አንድ በአንድ ወደ ራስህ ፎርዋርድ ታደርጋለህ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። የጅቡቲውን ወኪል "ያኔ የላክሁልህን እባክህ መልሰህ ላክልኝ" ብሎ ከመለመን ግን ይሻላል።

አሁን ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት ይህን ነው፤ የናንተን የሰርቨር ስም ከሆስቲንግ ድርጅታችሁ ጠይቃችሁ ሙሉ፦

```
IMAP: mail.example.com  993  SSL/TLS
SMTP: mail.example.com  465  SSL/TLS
User: name@example.com
```

User የሚለው ላይ ሙሉው አድራሻ ነው የሚገባው፣ ከነ@ው። SMTP ለሚባለው ለመላኪያውም ፓስወርድ ይሞላል። ሾፌራችን ሦስት ቀን "ይመጣልኛል፣ አይሄድልኝም" እያለ ያደረቀኝ SMTP ላይ ፓስወርዱን ባዶ ስለተወው ነበር። ሲጨርስ አንድ መልእክት ልኮ፣ አንድ ተቀብሎ፣ Sent ውስጥ ደግሞ በኮምፒውተር አይቶ ካልሆነ አሮጌውን ስልክ እንዳይነካ።

ስልክ ቁጥሮቹ ደግሞ ሌላ ጉድ። ሒሳብ ሠራተኛችን አሮጌው ስልኳ ላይ 412 ስም ነበራት። አዲሱ ላይ 63። "ጎግል ላይ እኮ ነው ያለው" ትላለች። ጎግል ላይ የነበረው 63ቱ ነው! የቀሩት ሲመዘገቡ "ስልክ" በሚለው ላይ ነው የተቀመጡት፤ እሱ ደግሞ የትም አይሄድም፣ ከቀፎው ጋር ይሞታል። ሲም ላይ ያሉትም ቢሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ስምና ቁጥር ብቻ ናቸው።

እሷ ዕድለኛ ናት፣ አራተኛው ያልተጠረገው ስልክ የሷ ነበር፣ መሳቢያዋ ውስጥ። አውጥተን contacts.google.com ላይ ያለውን ብዛት ከስልኩ ብዛት ጋር አነጻጸርን። አልገጠመም። ስልኩ ላይ Contacts ገብተን Export አልን፣ አንድ .vcf ፋይል ሰጠን፣ በኢሜይል ወደ ኮምፒውተር ልከን እዚያው contacts.google.com ላይ Import አደረግነው። ቡና ሳይፈላ አለቀ። አንዳንዱ ስም ሁለት ሁለት ሆነ፣ Merge & fix የሚል አለ፣ እሱ ያዋህደዋል። ከዚያ አዲሱ ስልክ ላይ አዲስ ስም የሚቀመጥበትን ከ"ስልክ" ወደ ቢሮው አካውንት ቀየርን። ይህ ካልተደረገ ቀጣዩ ስልክ ሲመጣ ያው ለቅሶ ነው። ወደ ቢሮው አካውንት ያልኩት ደግሞ ሆን ብዬ ነው፤ የደንበኛ ቁጥር በግል አካውንት ከተቀመጠ ሰውየው ሥራ ሲለቅ ይዞት ይሄዳል፣ የእናቱ ቁጥር ደግሞ ለኛ ምን ያደርግልናል።

አላለቀም። ስልኮቹ ወደ ሌላ ሰው ስለሄዱ ፓስወርዶቹን ሁሉ ቀየርኩ። ትክክል ሠራሁ ብዬ ኮራሁ። በሁለተኛው ቀን የቢሮው ኢሜይል በሙሉ ቀጥ አለ። የሰባታችንም። "ኔትወርክ ነው" ተባለ፣ እዚህ አገር ሁሉም ነገር ኔትወርክ ነው። ግን እኔ ዋይፋዩን አጥፍቼ በሞባይል ዳታ ስሞክረው ይሠራል! ምልክቱ እሱ ነው። ሆስቲንግ ድርጅቱ ጋ ደወልኩ፣ ሙዚቃ ሲያሰሙኝ ቆይተው "አይፒያችሁ ታግዷል፣ ከእናንተ በተሳሳተ ፓስወርድ በተደጋጋሚ የሚሞክር አለ" አሉኝ።

ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያ መሳቢያ ውስጥ ያለው ስልክ! ሒሳብ ሠራተኛችን ቁጥሮቹን ካወጣን በኋላ ሬዲዮ ማዳመጫ አድርጋው ቻርጀር ላይ ሰክታዋለች። እሱም ከቢሮው ዋይፋይ ጋር ተገናኝቶ በየጊዜው በድሮው ፓስወርድ ያንኳኳል። ሰርቨሩ ሌባ መስሎት በሩን ዘጋ፣ ሁላችንም በአንድ አይፒ ስለምንወጣ በሩ የተዘጋው በሰባታችን ላይ ነው። አካውንቱን ከስልኩ አወጣሁ፣ እገዳውን አስነሳሁ፣ ተከፈተ።

አሁን ወረቀቱ ላይ ቅደም ተከተሉ ተጽፏል፦ መጀመሪያ ቁጥር ይቆጠራል፣ ፖርት ይታያል፣ አዲሱ ተሞልቶ ይሞከራል፣ አሮጌው ሳምንት ይቆያል፣ አካውንቶቹ ይወጡለታል፣ ከዚያ ፓስወርድ ይቀየራል፣ መጨረሻ ላይ ይጠረጋል። የጎግል አካውንቱን ከሴቲንግ ሳታወጡ በግድ ከጠረጋችሁት ደግሞ ሲከፈት የድሮውን አካውንት ይጠይቃል፤ ለእህቱ የሰጠው ሰውዬ እስካሁን በየማታው ይደውልልኛል፣ "ወንድሜ፣ ያቺን ፓስወርድ ታስታውሳታለህ?"

ትናንት አለቃችን የራሱን አዲስ ስልክ ይዞ መጣ። ወረቀቱን አሳየሁት። "እሱን በኋላ፣ አሁን ሲሟን ብቻ ቀይርልኝ" አለኝ።