መጀመሪያ ጥያቄዎቹን ጻፉ፣ ዳታቤዙን ኋላ ምረጡ

«ዳታችን ብዙ ስለሚሆን ከአሁኑ ኖኤስኪውኤል እንጀምር?»

አትቸኩሉ። ክላውድ ላይ የተከራያችሁት አንድ ፖስትግሬስ የተባለ የኤስኪውኤል ዳታቤዝ በአሥር የሚቆጠር ቴራባይት ይይዛል። አብዛኞቻችን እዚያ ሳንደርስ ጡረታ እንወጣለን። እኔ የምመዝነው በሌላ ነው፦ ዳታውን ወደፊት ምን ምን እንደምትጠይቁት ዛሬ ታውቃላችሁ ወይ?

የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ትኬት የሚሸጥ መተግበሪያ እንውሰድ። ሁለት ሰዎች ወደ ባሕር ዳር የሚሄደውን የመጨረሻ ወንበር እኩል ተጫኑ እንበል። ፖስትግሬስ ላይ መፍትሔው ይቺ ናት፦

```
UNIQUE (trip_id, seat_no)
```

የዘገየው ገዢ ስህተት ይመለስለታል፣ ወንበሩ ሁለቴ አይሸጥም። የአማዞኑ ኖኤስኪውኤል ዳታቤዝ ዳይናሞዲቢም ይህን ይችላል። ጉዞውንና ወንበሩን ቁልፍ አድርጋችሁ «ከሌለ ብቻ ጻፍ» የሚል ቅድመ ሁኔታ መጨመር ነው። ስለዚህ በዚህ በኩል ሁለቱም እኩል ናቸው።

የሚለያዩት ሒሳብ ክፍል «ባለፈው ወር በየመስመሩና በየወኪሉ ስንት ሸጥን?» ብሎ የመጣ ዕለት ነው። በኤስኪውኤል አምስት መስመር ጽፋችሁ ትገላገላላችሁ። ዳይናሞዲቢ ላይ ግን ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ኢንዴክስ አስቀድማችሁ ካልሠራችሁ ሠንጠረዡን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ሊኖርባችሁ ነው። ማጣሪያ ማስገባትም ወጪውን አይቀንስም። ማጣሪያው የሚሠራው ዳታው ከተነበበ በኋላ ነው፤ የምትከፍሉት ደግሞ ለተነበበው ሁሉ። ሒሳብ ክፍል ደግሞ በየወሩ አዲስ ጥያቄ አያጣም። ትኬቱና ክፍያው ፖስትግሬስ ላይ ይቀመጥ የምለው ለዚህ ነው።

የአውቶቡሶቹ መገኛ ሌላ ነገር ነው። 2,000 አውቶቡስ በየ5 ሰከንዱ ያለበትን ቢልክ በሰከንድ 400 ጽሕፈት፣ በቀን ወደ 35 ሚሊዮን መዝገብ ይሆናል። ጥያቄው ግን አንድ ብቻ ነው፦ ይህ አውቶቡስ አሁን የት ነው? ዳይናሞዲቢ ለእንዲህ ያለው ተፈጥሯል። የአውቶቡሱ መለያና ሰዓቱ ቁልፍ ይሆናሉ፤ ያረጀውን መዝገብም ራሱ ያጠፋዋል፣ ያውም ያለ ተጨማሪ ክፍያ። በደቂቃው ያጠፋል ብላችሁ ግን አትጠብቁ፣ ቀናት ሊዘገይ ይችላል።

እዚህም ቢሆን አንድ ወጥመድ አለ። ዳይናሞዲቢ ዳታውን የሚከፋፍለው በዋናው ቁልፍ ስለሆነ፣ ቀኑን ዋና ቁልፍ ካደረጋችሁት የዛሬው ጽሕፈት ሁሉ አንድ ክፍልፋይ ላይ ይከመራል። አንድ ክፍልፋይ ደግሞ በሰከንድ ከ1,000 በላይ የ1 ኪሎባይት ጽሕፈት አይቀበልም። አውቶቡሶቹ 5,000 ሲሆኑ ጣሪያው ይነካል። ምልክቱ ግራ ያጋባል፦ የሠንጠረዡ አጠቃላይ አቅም ገና ብዙ ይቀረዋል፣ ጽሕፈቶቹ ግን ይመለሳሉ። ያኔ ገንዘብ ጨምሮ አቅም መግዛት ዋጋ የለውም፤ ቁልፉን መቀየር ነው።

ቡድናችሁ ሦስት ሰው ከሆነ ግን መገኛውንም ፖስትግሬስ ላይ ጀምሩት። 400 ጽሕፈት አይከብደውም። ሠንጠረዡን በየቀኑ ከፋፍላችሁ ያረጀውን ቀን በ`DROP TABLE` መጣል ትችላላችሁ፣ እናንተም ሌሊት የምትጠብቁት ዳታቤዝ አንድ ብቻ ይሆናል።