ለአርፋጁ የተሰጠው ምስክር ወረቀት

«ይህ የምስክር ወረቀት የጠዋቱ ስብሰባ የሚጀመረው ሌላው ሰው ተነሥቶ ሲወጣ መሆኑን ዓመቱን ሙሉ በተግባር ላረጋገጠው፣ መንገድ ተዘግቶብኝ ነው ማለትን ላልሰለቸው፣ ሰዓቱን በአገሩ አቆጣጠር ለሚሞላው ባልደረባችን የዓመቱ አርፋጅ በመሆኑ በታላቅ አክብሮት ተሰጥቷል።»

ይህ ጽሑፍ በሰሜን ቨርጂኒያ በምንሠራበት ቢሮ የዓመቱ መዝጊያ ግብዣ ላይ፣ ወርቃማ ጠርዝ ባለው ወረቀት ታትሞና በኃላፊያችን ተፈርሞ ለአንድ የአገሬ ልጅ ተሰጠ። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ እሱም አብሮ ሳቀና ወረቀቱን አራት ላይ አጥፎ በጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ሌሊት ፓርኪንግ ሲሠራ አድሮ በቀጥታ ወደ ቢሮ እንደሚመጣ፣ የሚተካው ሰው ሲዘገይበት እሱም እንደሚዘገይ ከሳቁት መካከል የማያውቅ አልነበረም።

ስለ ስብሰባውና ስለ መንገዱ የተጻፈው አላስከፋኝም፤ ያደረገውን ነውና ያስቃል። ያንገበገበኝ «በአገሩ አቆጣጠር» የሚለው ነው። እርግጥ «የሐበሻ ቀጠሮ» እያልን የምንቀልደው ራሳችን ነን፣ ሠርግና ማኅበር ላይም እውነት ነው። መሥሪያ ቤት ግን ሌላ ነው። አገር ቤት የሠራ ሰው የፊርማው መዝገብ ልክ በሰዓቱ ተነሥቶ፣ ከመጨረሻው ፈራሚ ስም ሥር ቀይ መስመር ተሰምሮበት ወደ አስተዳደር ሲወሰድ እየሮጠ የደረሰበትን ጠዋት አይረሳም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 27 ላይ፣ በቂ ምክንያት ሳይኖረው፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሊሰናበት እንደሚችል ይደነግጋል። ሕጉ ጨካኝ ነው የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን ሠራተኛው አስቀድሞ በጽሑፍ ይነገረዋል፣ ስንት ጊዜ እንደቀረውም ያውቃል።

ቨርጂኒያ ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥር የለም። የተለየ ውል ወይም ሕግ የሚከለክለው ካልሆነ በቀር አሠሪው ሠራተኛውን በማንኛውም ቀን፣ ምክንያት ሳይሰጥ ማሰናበት ይችላል። ስለዚህ የሥራ ጓደኛ በቃል የሚወረውረው ቀልድና ቅጥር በእጁ ያለ ኃላፊ የሚፈርመው ወረቀት እኩል አይደሉም፤ ነገ ክርክር ቢነሣ ዓመቱን ሙሉ ማርፈዱን በሰው ፊት አጨብጭቦ የተቀበለው ራሱ ነው ሊባል ይችላል። ለዚህም ነው ሲስቅ ሳየው አንጀቴ የተላወሰው።

በማግስቱ ኃላፊያችንን ለብቻዋ አነጋገርኳት። አገሩን የሚጠራውን ሐረግ አውጥታ ወረቀቱን እንደገና እንደምታሳትም ወዲያው ነገረችኝ። ፊርማዋም እንዲወጣና በምትኩ እኛ ባልደረቦቹ እንድንፈርምበት ስጠይቃት ግን ዝም ብላ አየችኝ፤ ምክንያቱን ከአሰናባችነት ሥልጣኗ ጋር አያይዤ ካስረዳኋት በኋላ ነው እሺ ያለችው።