ሶፍትም ትምህርት ነው

ሰሞኑን የደሴን የመብራት ምሰሶ ያነበበ ሰው ያውቀዋል። ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ያለ ምሰሶ ሁሉ “ምዝገባ ጀምረናል” ብሎ ቆሟል። አንዱ ላይ “ወርሃዊ ክፍያ 1,400 ብር ብቻ” ይላል። “ብቻ” የምትለዋ በቀይ ተጽፋ ከቁጥሩ ትበልጣለች። እኔም የእህቴን ልጅ አንደኛ ክፍል ለማስመዝገብ ስዞር ሰንብቼ፣ ለግል ትምህርት ቤቶቻችን ያለኝ አክብሮት ጨምሯል። እናንተም ልጅ ካላችሁ ጨምሮባችኋል።

መቼም እንደነሱ ትሑት የለም። ከወላጅ ኪስ ከሚወስዱት ሁሉ ትንሿን ቁጥር መርጠው ምሰሶ ላይ ይለጥፋሉ፤ ሌላውን ግን እንዳይታይባቸው ይደብቁታል። ምጽዋት ሲሰጥ እንጂ ሲቀበሉ የሚደበቅ መሆኑን አላውቅም ነበር።

እስቲ ባለ 1,400ውን እንይ። አስር ወር ነው፣ 14,000 ብር። እሺ። መመዝገቢያ 2,000። ይቺ በየዓመቱ ናት፤ ልጁ ባለፈው ዓመት እዚያው ቢማርም፣ ስሙን ዘንድሮ እንደ አዲስ መጻፍ ከባድ ሥራ ስለሆነ። መጽሐፍና ሞጁል 3,600። ሞጁሉ ፎቶ ኮፒ ነው፣ ሽፋኑ ግን ባለ ቀለም። ሁለት ዩኒፎርም፣ ሹራብና የስፖርት ልብስ በድምሩ 5,800፤ የሚገዛው ደግሞ ከነሱው ከግቢው ሱቅ ነው። አርማው ሌላ ልብስ ሰፊ እጅ ላይ አይጣበቅም መሰለኝ። ከዚያ የቅዳሜ ማጠናከሪያ አለ፣ በወር 300፣ በፈቃደኝነት። ፈቃደኛ ያልሆነ ልጅ ቅዳሜ የተሰጠው ምዕራፍ ሰኞ ፈተና ላይ ይጠብቀዋል። መታወቂያና የመልእክት ደብተር 400። ቁሳቁስ 1,500። ስደምረው 30,300 ብር መጣ። ለአስር ሲካፈል በወር 3,030 ነው። ማለትም “ብቻ” የተባለው ከግማሽ በታች ነበር።

ከሱ ከፍ ብሎ “ውድ ነው” የሚባል ሌላ አለ። ወሩ 2,100። ሰው ሰምቶ ይሸሻል። መመዝገቢያው 800፣ መጽሐፉ 2,500፣ ዩኒፎርሙን ጨርቁን ገዝተህ የፈለግክበት ታሰፋለህ፣ 2,400 አካባቢ ያወጣል። ቁሳቁስ የለም። ጠቅላላ 26,700። ውዱ ከርካሹ በ3,600 ብር ረከሰ። እኛ ግን አሁንም ቡና ላይ “የነሱ ወሩ ስንት ነው?” እንባባላለን። የዓመቱን የሚጠይቅ ብርቅ ነው።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ቁሳቁስ። ቁሳቁስ ብር ብቻ መስሏችሁ እንዳትሳሳቱ፣ ከብሩ በተጨማሪ በዓይነት የሚመጣም አለ። ዝርዝሩ ላይ ለአንድ ልጅ “ሶፍት 12 ጥቅል” ይላል። እኔ መጀመሪያ የጽሕፈት ስህተት መስሎኝ ነበር። ኋላ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ክፍሉ 40 ልጅ አለው እንበል፣ 480 ጥቅል ነው። በዓመት ወደ 200 የትምህርት ቀን ቢኖር፣ አንድ ክፍል በቀን ከሁለት ጥቅል በላይ ይጨርሳል። ልጆቹ ሰባት ዓመታቸው ነው! ምን በልተው ነው? ትምህርት ቤቱ ሃያ ክፍል ካለው ደግሞ 9,600 ጥቅል ሆነ። አንዱን ጥቅል 20 ሜትር ብንለው 192 ኪሎ ሜትር ይዘረጋል። ከደሴ በሐረጎ ቁልቁል እስከ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ የአንድ ትምህርት ቤት ሶፍት ኮምቦልቻ ወርዶ፣ ተመልሶ፣ እንደገና ወርዶ፣ ተመልሶ፣ ለሦስተኛ ጊዜም ደርሶ መልስ ሄዶ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ይተርፈዋል። መንገዱ ነጭ ሆኖ፣ አይሱዙዎቹ ፍሬን ይዘው፣ ሾፌሮቹ “ማን አገባ?” ሲሉ ይታየኛል። የተረፈውን በጦሳ ላይ እናለብሰዋለን፣ ተራራው ይሞቀዋል። እሺ ይሄ ሁሉ የት ይገባል? መጋዘን አለ እንዳልል ግቢው ውስጥ ለኳስ እንኳ ቦታ የለም። ኅዳር ላይ ግን የጎረቤቴ ልጅ ከትምህርት ቤት እየሮጠ ይመጣል። ምነው? “ሶፍት አልቋል ተባልን።” ኅዳር! ምናልባት ኮምቦልቻ ደርሶ አልተመለሰም።

ኮምቦልቻ ካልን፣ ሹራቡን ሳላነሳ አላልፍም። ደሴ ብርዷ ይታወቃል፣ ሹራብ ግድ ነው። ግን ያው ወፍራም ሹራብ ቆላ በሚያህለው በኮምቦልቻ ቅርንጫፍም ግዴታ ነው። ልጆቹ ወገባቸው ላይ አስረውት ይውላሉ። ዓመቱን ሙሉ ተገዝቶ የማይለበስ ልብስ። ዋጋው ግን ሞቅ ያለ ነው።

አሁን ቀልዱን ላቁም። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ያየችውን ስትነግረኝ ሆዴ ተቃጠለ። ልጇ ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ፣ ስሙ ተጠርቶ ለብቻው ቆመ። የወሩ ክፍያ ተከፍሏል። የቀረው የቁሳቁስ 700 ብር ነበር። ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጓደኞቹ እያዩት ወደ ቤት ተላከ። እናቱ ፋብሪካ ውላ ነው ያንን ወር የከፈለችው። ዕዳው የወላጅ ከሆነ ወላጅ ይጠራ፣ ስልክ አለ፣ ደብዳቤ አለ። ልጅ ማስያዣ አይደለም። ይህን የሚያደርግ ሰው ራሱን አስተማሪ ብሎ መጥራቱ ነውር ነው፣ ሌላ ቃል የለኝም።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ደረሰኛቸውንም አደንቃለሁ። የወሩ ክፍያ በታተመ ደረሰኝ ነው፣ ማህተም ያለው፣ ወግ ያለው። የቁሳቁሱና የማጠናከሪያው ግን በብጣሽ ወረቀት፣ ወይ በደብተር ላይ ስም እየተጻፈ። ስለዚህ ድርብ ነገር ነው፤ ወላጁ የከፈለውን ማስረዳት አይችልም፣ ትምህርት ቤቱም ጭማሪ ወሰደ አይባልም። አንድ ትምህርት ቤት ዓመቱን በስንት እንደሚጨርስ ለማወቅ የፈለገ ሰው ታዲያ ቢሮ መሄድ የለበትም። አምና ልጁን እዚያ ያስተማረ ጎረቤት ጋ ሄዶ፣ ደረሰኙንም ብጣሹንም አንድ ላይ ዘርግቶ መደመር ነው። ብጣሹ ደረሰኙን ከበለጠ ቀጥሎ ያለውን ትምህርት ቤት ማንኳኳት።

እኔ ግን ሞኝ ነኝና ቢሮ ገባሁ። ባለ 1,400ው ጋ። ጠረጴዛው ጋ ያለችው ልጅ ጨዋ ናት፣ “አብሽር፣ ይቀመጡ ጋሼ” አለችኝ።

“ከመስከረም እስከ ሰኔ ከእጄ የሚወጣውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፊልኝ።”

“ወሩ 1,400 ነው።”

“ወሩን ምሰሶው ነግሮኛል። ሌላውን።”

“ሌላውን ልጁ ሲጀምር ይነገራችኋል።”

“ሳይጀምር ቢነገረኝስ? እዚህ ልጀምር ወይ ሌላ ጋ ልሂድ የምወስነው በሱ ነው።”

ዳይሬክተሩን ጠይቃ ተመለሰች። ደስ ብሏታል።

“አለ ጋሼ፣ ሁሉም ተዘርዝሯል። የምዝገባው ፎርም ጀርባ ላይ ነው።”

“እሺ፣ አሳዪኝ።”

“ፎርሙ 200 ብር ነው። ባይመዘገቡም አይመለስም።”