እርማት፦ ኦክስጅኑን የሚይዘው ማንጋኒዝ ነው

በውሃ ውስጥ የሟሟ ኦክስጅንን በዊንክለር ዘዴ ስለመለካት የቀረበ ጥያቄ፦ «ኦክስጅኑን የሚይዘው አዮዳይዱ አይደል? ታዲያ አሲዱን መጀመሪያ ብንጨምረው ምን ችግር አለው?»

ኦክስጅኑን የሚይዘው ማንጋኒዝ ነው፤ ያውም በአልካሊ ውስጥ ብቻ። ማንጋኒዝ ሰልፌቱ ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ነጭ ዝቃጭ ይሠራል፤ ዝቃጩ ኦክስጅን ሲያገኝ ቡናማ ይሆናል። ነጭ ሆኖ ከቀረ ውሃው ኦክስጅን የለውም ማለት ነው። አሲዱ ከቀደመ ግን ዝቃጩ ራሱ አይፈጠርም፤ ኦክስጅኑም ሳይያዝ ይቀራል።

የሰልፈሪክ አሲዱ ተራ ዝቃጩ ከረጋ በኋላ ነው። ያኔ ቡናማው ማንጋኒዝ ሟሙቶ አዮዳይዱን ወደ አዮዲን ይለውጣል። ታዮሰልፌት የሚለካው ይህን አዮዲን ነው። ስታርች የሚጨመረው ቢጫው ቀለም ከፈዘዘ በኋላ ነው፤ ከአዮዲኑ ጋር የሚፈጥረው ሰማያዊ ቀለም ሲጠፋ ማቆም ነው። ለ200 ሚሊ ሊትር ናሙና 0.025 ሞላር ታዮሰልፌት 8.2 ሚሊ ሊትር ከፈጀ፣ ኦክስጅኑ በሊትር 8.2 ሚሊ ግራም ነው።