የዓመት ድምር ያታልላል

«ገቢያችንም ወጪያችንም በዶላር ነው። ታዲያ የፎርዋርድ ውል ለምን እንገባለን?»

በገቢውና በወጪው መካከል ላለው ልዩነት ብቻ። ፎርዋርድ ማለት ዶላሩን ወደፊት በተወሰነ ቀን፣ ዛሬ በተስማማችሁበት ተመን ለመሸጥ ወይም ለመግዛት የምትገቡት ውል ነው። የዓመት ሽያጫችሁ 10 ሚሊዮን ዶላር ነው እንበል። ጥሬ ዕቃ 6 ሚሊዮን፣ የዶላር ብድር ክፍያ ደግሞ 1 ሚሊዮን ይወስዳል። ዶላር ቢወርድ ገቢያችሁ በአገር ውስጥ ገንዘብ ሲሰላ ያንሳል፣ ወጪውም አብሮት ያንሳል። ስለዚህ 7 ሚሊዮኑ እርስ በርሱ ይቻቻላል። ለተመን የተጋለጠው ደመወዝና ኪራይ ለመክፈል የምትመነዝሩት 3 ሚሊዮን ነው። ውሉም ለእሱ ይበቃል።

ችግሩ ጊዜው ነው። የጥሬ ዕቃው ክፍያ መጋቢት ላይ ወጥቶ የደንበኛው ገንዘብ ሰኔ ላይ ቢገባስ? መጋቢት ላይ ዶላር ገዝታችሁ ከፈላችሁ፣ ሰኔ ላይ የገባውን ደግሞ መልሳችሁ ሸጣችሁ ማለት ነው። የባንኩን የመግዣና የመሸጫ ልዩነት ትከፍላላችሁ፣ በመሃል ዶላር ከወረደም ኪሳራው የናንተ ነው። በዓመቱ ሪፖርት ላይ ግን ሁሉም ነገር ልክ ይመስላል! እኔ ብሆን ከቀደመው ሽያጭ የገባውን ዶላር ሳልመነዝር በዶላር ሂሳብ አቆየዋለሁ። ካልበቃ የአጭር ጊዜ የዶላር ብድር ወስጄ ሰኔ ላይ በሚገባው እዘጋዋለሁ። ወለዱ ከፎርዋርዱ ዋጋ ጋር መነጻጸር አለበት፣ ሁልጊዜ አይረክስም።

ሌላው፣ የጥሬ ዕቃው ግዢ መጠኑ በውል የታሰረ ነው ወይ? ከሆነና ሽያጩ ወደ 5 ሚሊዮን ከወረደ፣ 7 ሚሊዮን ወጪ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ያኔ 2 ሚሊዮን ዶላር ፈላጊ ናችሁ፣ የሚጎዳችሁም የዶላር መወደድ ይሆናል። 3 ሚሊዮን ለመሸጥ የገባችሁት ፎርዋርድ ካለማ ጉድለቱ 5 ሚሊዮን ደረሰ።